ዜሮ ሲቀነስ ገንዘባችን ምን ይሆናል?

በመተማና በጋላባት በኩል የምንነግድ ሰዎች ከሱዳናዊ ጋር ስንስማማ ለዓመታት የምንጠነቀቅባት አንዲት ቃል ነበረች፤ «አልፍ»። ሺህ ማለት ናት፤ ሻጩ የሚጠብቀው ግን አንድ ፓውንድ ነበር። ልማዱን ያመጡት ሁለት የገንዘብ ለውጦች ናቸው። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1992 ዲናርን ስታስገባ 10 ፓውንድ 1 ዲናር ሆነ። በ2007 ደግሞ 100 ዲናር 1 አዲስ ፓውንድ ተባለ። ከብር ኖቱ ላይ ሦስት ዜሮ ጠፋ፤ ከሰው አንደበት ግን አልጠፋም።

የ2007ቱን እናስላው። በዚያን ጊዜ ዶላር በግምት 200 ዲናር ነበር። 20,000 ዲናር ያስቀመጠ ሰው ስለዚህ 100 ዶላር ገደማ ነበረው። ገንዘቡን ሲቀይር 200 ፓውንድ ተቀበለ፤ ዶላሩም 2 ፓውንድ ገደማ ስለሆነ ያው 100 ዶላር ነው። የሸቀጡ ዋጋም፣ ደመወዙም፣ የዱቤ ደብተሩም በ100 ሲካፈል ማንም አልከሰረ፣ ማንም አልከበረ። የሚጎዳው አሮጌውን ኖት ቤቱ ደብቆ መቀየሪያው ጊዜ ያለፈበት ነው። ትንሽ ሸቀጥ ላይም ዝርዝር ሳንቲም ከጠፋ 45 ቂርሽ የነበረው 50 ይባላል፤ ለሻይ ቤት ደንበኛ ይህቺም ትሰማለች።

ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1987 ያደረገችው ግን ሌላ ነው። ሁለት ዜሮ ተነሥቶ 100 አሮጌ ሽልንግ 1 አዲስ ሆነ፤ እዚህ ድረስ ሒሳብ ብቻ ነው። በዚያው ቀን ግን መንግሥት ከሚቀየረው ገንዘብ ላይ 30 በመቶ ግብር ወሰደ፣ ባንክ ያለውንም ጨምሮ። በይፋዊ ምንዛሪ 1,400 አሮጌ ሽልንግ፣ ማለትም 14 አዲስ፣ የነበረውንም ዶላር ወደ 60 አወጣው።

100,000 አሮጌ ሽልንግ ያለውን ነጋዴ እንውሰድ። በይፋዊው ዋጋ 71 ዶላር ገደማ ነበረው። ዜሮው ሲነሳ 1,000 አዲስ ሽልንግ ሆነ፣ ግብሩ 300 ወሰደ፣ 700 ተረፈው። ይህ በ60 ሲካፈል 12 ዶላር እንኳ አይሞላም። (በጥቁር ገበያ ዶላሩ ከዚያ በፊትም እጅግ ውድ ስለነበር እውነተኛው ኪሳራ ከዚህ ያነሰ ነው፤ ግብሩ ግን ለማንም አልቀረም።) በዕቃ የያዘው፣ ቡና ወይም ጨርቅ መጋዘን ያለው፣ ከግብሩ አመለጠ።

ስለዚህ ዜሮ ይነሳል ሲባል እኛ ቀድመን የምንጠይቀው ቁጠባውና ዕዳው በአንድ ልክ ይካፈላሉ ወይ፣ መቀየሪያው ላይ የሚቆረጥ ነገር አለ ወይ፣ የዶላሩ ዋጋስ በዚያው ቀን ይነካል ወይ ብለን ነው። ዜሮው ራሱ የዋጋ ንረትን አያቆምም። በኡጋንዳ 60 የነበረው ዶላር ዛሬ ከ3,000 ሽልንግ በላይ ነው።