የሕፃናት ጥያቄና ተረት መደጋገም

የሕፃናት ጥያቄና ተረት መደጋገም ማለት ትንንሽ ልጆች አንድን ጥያቄ በአጭር ጊዜ ውስጥ ደጋግመው መጠየቃቸው፣ ወይም አንድ ተረት፣ መጽሐፍ ወይም ፊልም በየቀኑ እንዲደገምላቸው መፈለጋቸው ነው። ጠባዩ በተለይ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ጎልቶ ይታያል። ለአዋቂው የሚደገመው ነገር ያው ነው። ለልጁ ግን እንዲያ አይደለም፤ ተረቱን በሰማ ቁጥር ባለፈው ያመለጠውን ነገር ይይዛል፣ የደጋገመው ጥያቄም ብዙ ጊዜ ገና መልስ ያላገኘ ጥያቄ ነው።

## ተረት ለምን ይደገማል?

አንድ የ3 ዓመት ልጅ የጅብና የአህያ ተረት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ይገጥመዋል። ማን ማን እንደሆነ መለየት፣ ቀጥሎ የሚሆነውን መከተልና የማያውቃቸውን ቃላት መገመት አለበት። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በአንድ ጊዜ በአእምሮው ሊይዝ የሚችለው ነገር ጥቂት ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን የሚቀርለት ዋናው ታሪክ ብቻ ሊሆን ይችላል። በማግስቱ ጅቡ እንደሚመጣ አስቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ ሐሳቡ ነፃ ሆኖ ጅቡ አህያዋን ለምን እንዳታለላት ወደ መረዳት ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ እስካሁን ያለፈውን አንድ እንግዳ ቃል ያስተውላል።

ሌላው ምክንያት ቀጥሎ የሚመጣውን አስቀድሞ ማወቅ የሚሰጠው ደስታ ነው። «ተረት ተረት» ሲባል ተቀባዩ የሚመልሰውን ያወቀ ልጅ ከአድማጭነት አልፎ የተረቱ ተሳታፊ ይሆናል። ሲግመንድ ፍሮይድ በ1920 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው ይህን አስተውሎ ነበር። ለአዋቂ ሰው ሁለተኛ ጊዜ የተሰማ ቀልድ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ልጅ ግን የወደደው ተረት በትክክል እንደ ቀድሞው እንዲነገረው ይፈልጋል፣ ተራኪው አንድ ነገር ቢቀይር ያርመዋል። እርማቱ ልጁ ተረቱን በቃሉ እንደያዘና የሚሰማውን ከያዘው ጋር እያስተያየ መሆኑን ያሳያል።

## የሱሴክስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት

መደጋገም ቃላትን ለመማር ይጠቅም እንደሆነ በእንግሊዝ አገር በሱሴክስ ዩኒቨርሲቲ ጄሲካ ሆርስትና ባልደረቦቿ ፈትሸው፣ ውጤቱን በ2011 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። የተሳተፉት የ3 ዓመት ልጆች ነበሩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ለአንደኛው ቡድን ጥቂት ተረቶች እየተደጋገሙ ተነበቡለት፤ ለሌላው ቡድን ደግሞ የተለያዩ ተረቶች ተነበቡለት። በተረቶቹ ውስጥ ልጆቹ ከዚህ በፊት ሊያውቋቸው የማይችሉ፣ ለጥናቱ ተብለው የተፈጠሩ የዕቃ ስሞች ገብተው ነበር።

የጥናቱ ቁልፍ ጉዳይ የቃላቱ ብዛት እኩል መሆኑ ነው። ሁለቱም ቡድኖች እያንዳንዱን አዲስ ስም የሰሙት እኩል ጊዜ ነው፤ የተለያየው ስሙን የሰሙበት ታሪክ ብቻ ነው። ከዚያ ልጆቹ አራት ሥዕሎች ቀርበውላቸው የተጠራውን ዕቃ እንዲያመለክቱ ተጠየቁ። ተረቱ የተደጋገመላቸው ልጆች ወዲያው ሲጠየቁም ሆነ ቆይተው ሲጠየቁ በደንብ መለሱ። የተለያየ ተረት የሰሙት ግን ወዲያው ሲጠየቁ እንኳ መመለስ የቻሉት በመጨረሻዎቹ ሁለት ዙሮች ብቻ ሲሆን፣ ቆይተው ሲጠየቁ ቃላቱን አልያዙም። ልዩነቱን ያመጣው እንግዲህ ቃሉን ደጋግሞ መስማቱ ብቻ ሳይሆን፣ በሚያውቁት ታሪክ ውስጥ መስማታቸው ነው።

## በቴሌቪዥን

«ብሉስ ክሉስ» የተባለው የአሜሪካ የሕፃናት ፕሮግራም ይህን ጠባይ ለሥርጭቱ ተጠቅሞበታል፤ አንዱን ክፍል በተከታታይ አምስት ቀን ያሳይ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆኑ ልጆች አንዱን ክፍል አምስት ጊዜ ሲያዩ ምን እንደሚሆን ተከታተለ። ልጆቹ በተደጋጋሚ ባዩት መጠን የበለጠ ተረዱት፤ ተዋናዩ ለሚያቀርበው ጥያቄ ጮክ ብለው መመለሳቸውና በእጃቸው መጠቆማቸውም ጨመረ። አዋቂ ከሚጠብቀው በተቃራኒ፣ መደጋገሙ ፈዝዘው እንዲመለከቱ ሳይሆን እንዲሳተፉ አደረጋቸው።

## ጥያቄ ለምን ይደገማል?

በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ብራንዲ ፍሬዚየር፣ ሱዛን ጌልማንና ሄንሪ ዌልማን በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ልጆች «ለምን» እና «እንዴት» ብለው ከጠየቁ በኋላ ምን እንደሚያደርጉ ተመልክተዋል። ምክንያት የተነገራቸው ልጆች መልሱን ይቀበላሉ ወይም ተከታይ ጥያቄ ይጠይቃሉ። ምክንያት የሌለው መልስ ያገኙት ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ ይደግማሉ፣ ወይም የራሳቸውን ምክንያት ይፈጥራሉ።

ነገሩ በምሳሌ ሲታይ እንዲህ ነው። ልጅ «ውሻው ለምን ይጮኻል?» ይላል። እናት «አዎ፣ ይጮኻል» ወይም «ዝም ብሎ ነው» ብትለው ምክንያት ስላልሰማ «ለምን ይጮኻል?» ብሎ ይመለሳል። «በበሩ ሰው ሲያልፍ ሰምቶ ነው» ብትለው ግን «ማን ነው ያለፈው?» ይላል። ሁለተኛው ጥያቄ ሌላ ጥያቄ ነው፤ የመጀመሪያው መልስ እንዳገኘ የሚታወቀውም በዚህ ነው።

አንዳንድ ጊዜ መልሱ ትክክል ሆኖ ሳለ ልጁ ሊይዘው የማይችል ይሆናል። «አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?» ለሚል የ3 ዓመት ልጅ «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ» የሚለው መልስ ብዙ አይነግረውም። በዚህ ዕድሜ «ነገ» እና «ትናንት» እንኳ ይምታታሉ። ሰዓቱን ልጁ ከሚያውቀው ነገር ጋር ማያያዝ፣ ለምሳሌ «መክሰስ ከበላህ በኋላ» ማለት፣ መልሱን ሊጨብጠው የሚችል ያደርገዋል።

ልጁ መልሱን እያወቀ የሚጠይቅበት ጊዜም አለ። «አንተስ ለምን ይመስልሃል?» ተብሎ ሲጠየቅ በትክክል ከመለሰ፣ የፈለገው ያወቀውን ማረጋገጥ ወይም ጨዋታው እንዲቀጥል ማድረግ ነው። ጥያቄው «ትመለሺያለሽ አይደል?» የሚል ዓይነት ከሆነና መልሱ ቢሰጠውም እየተመለሰ ከመጣ፣ የሚፈልገው መረጃ ሳይሆን ማረጋጊያ ሊሆን ይችላል።

## የጥናቶቹ ገደብና ከሌሎች ሁኔታዎች ልዩነት

የሱሴክሱ ጥናት የለካው የቃላት ትምህርትን ነው፤ ልጅ ሁልጊዜ አንድ መጽሐፍ ብቻ ይነበብለት አይልም። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ቃላት ውሱን ስለሆኑ አዲስ ተረትም ያስፈልጋል። የሚቺጋኑ ጥናትም በከፊል የተመሠረተው በስድስት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች የቤት ውስጥ ንግግር ላይ ነው።

ጥያቄ መደጋገም ሌላ ሰው የተናገረውን ቃል መልሶ ከማስተጋባት (ኤኮላሊያ) ይለያል። ማስተጋባት ቋንቋ በሚጀምሩ ልጆች ላይ የተለመደ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ 3 ዓመት ገደማ ላይ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ የልጁ ዋና አነጋገር ሆኖ ከቀጠለ ኦቲዝምን ጨምሮ የእድገት ምርመራ ሊያስፈልግ ይችላል። ስሙ ሲጠራ የማይዞርና የተነገረውን መልስ እንዳልሰማ ሆኖ የሚጠይቅ ልጅ ደግሞ በቅድሚያ የጆሮ ምርመራ ያስፈልገዋል።