ኮሺ ሳያስረዳው ያለፈው ነገር

ፈረንሳዊው ሊቅ ኮሺ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1821 ዓ.ም. ባሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፍ፣ በአንድ ተርታ ያሉ ቁጥሮች ከአንድ ስፍራ ወዲያ ሁሉም እርስ በርሳቸው የፈለግነውን ያህል ከተቀራረቡ ተርታው ወደ አንድ ቁጥር ያመራል አለ። ያ ቁጥር መኖሩን ግን አላስረዳም።

ጉድለቱን በምሳሌ እንመልከት። ከ1 እንነሣ፤ 2ን ለያዝነው ቁጥር አካፍለን፣ ድርሻውን ከዚያው ቁጥር ጋር ደምረን፣ ድምሩን ለ2 እንክፈል። ይህን ስንደጋግም 1፣ 3/2፣ 17/12፣ 577/408 እናገኛለን። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ልዩነት 1/408 ብቻ ነው፤ ወደ ፊትም እየጠበበ ይሄዳል። ተርታው የሚያመራው ግን በራሱ ሲባዛ 2 ወደሚሆን ቁጥር ነው፤ እንዲህ ያለ ክፍልፋይ ደግሞ የለም። ስለዚህ በክፍልፋዮች መካከል መቀራረብ ብቻውን መድረሻ አያስገኝም።

ጀርመናዊው ዴዴኪንት በ1858 ዓ.ም. በዙሪክ ሲያስተምር ይህን የመሰለውን ክፍተት አስተዋለ፤ መፍትሔውንም በ1872 ዓ.ም. አሳተመ። ክፍልፋዮች ሁሉ የታችና የላይ ተብለው ለሁለት በተከፈሉ ጊዜ፣ በድንበራቸው ላይ አንድ ሪል ቁጥር ይቆማል ሲል ደነገገ።

እንግዲህ ተርታው ከአንድ ስፍራ ወዲያ ዘወትር የሚበልጣቸውን ክፍልፋዮች በታች፣ የቀሩትን በላይ እናድርግ። ቁጥሮቹ በጠባብ ርቀት ውስጥ ስለ ተከማቹ ድንበሩም በዚያው ርቀት ውስጥ ይወድቃል። ርቀቱ የፈለግነውን ያህል ሲጠብ፣ ተርታው ወደዚያ ድንበር ከማምራት በቀር ሌላ መንገድ የለውም።