የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባ (ኢትዮጵያ)
በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 መሠረት ታክስ የሚከፈልበት ሽያጩ በ12 ወራት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን ብር ያለፈ ነጋዴ ለተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) መመዝገብ ግዴታው ነው። የሚታየው ትርፉ ሳይሆን ታክስ የሚከፈልበት ጠቅላላ ሽያጩ ነው፤ ብዙ ጀማሪ ነጋዴ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከተመዘገበ በኋላ በዋጋው ላይ 15 በመቶ ጨምሮ ይሰበስባል፣ የቫት ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ሒሳቡንም በየጊዜው ለታክስ ባለሥልጣኑ ያሳውቃል።

አንድ የቤት ዕቃ ሠሪ በወር የ200,000 ብር አልጋና ቁም ሣጥን ቢሸጥ ከደንበኞቹ 30,000 ብር ቫት ይቀበላል። ለዚያው ሥራ በ120,000 ብር ጣውላ ሲገዛ 18,000 ብር ቫት ከፍሎ ከሆነ፣ ያንን ቀንሶ ገቢ የሚያደርገው 12,000 ብር ብቻ ነው። ጣውላውን ካልተመዘገበ ሻጭ ወይም ያለ ደረሰኝ ከገዛ ግን የሚቀንሰው ስለማይኖር 30,000 ብሩን ሙሉ በሙሉ ያስገባል።