ጠገራ ብርና ደረሰኙ

ጠገራ ብር የተሰካበት ድሪ ሲወረስ "ከአድዋ በፊት የነበረ ነው" የሚል ታሪክም ብዙ ጊዜ አብሮ ይወረሳል። ብሩ ላይ 1780 የሚል ሲነበብ ታሪኩ የተረጋገጠ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ቁጥር የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት የፈረንጆች ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ለንግድ የተመታው ጠገራ ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዟል፤ ጣሊያን እንኳ ልትወረን ስትዘጋጅ ሮም ላይ መትታዋለች። ቁጥሩ ስለ ዕድሜው አይመሰክርም።

የሂሳብ ሠራተኛ ዓይን እንግዲህ ወደ ደረሰኙ ይሄዳል። ድሪውን በ1962 ዓ.ም. ያደሰው አንጥረኛ "አምስት ጠገራ ያለው ድሪ፣ 165 ግራም" ብሎ ጽፏል እንበል። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ስለሚመዝን አምስቱ 140 ይሆናሉ፤ ቀሪው 25 ማንጠልጠያውና ሰንሰለቱ ነው። ዛሬ ሚዛኑ 164 ካለ ወረቀቱና ዕቃው ተስማምተዋል። 130 ካለ ግን ወይ ከድሪው የጎደለ ወይም የተለወጠ ነገር አለ፣ ወይ ደረሰኙ የሌላ ድሪ ነው። "አንድ ድሪ" ብቻ የሚል ደረሰኝማ ለየትኛውም ድሪ ይሆናል።

የተስማማው ደረሰኝ፣ የአያት ስም ካለበት፣ ድሪው በ1962 በእጃቸው እንደነበር ያሳያል፤ አድዋ ድረስ ግን አያደርሰንም። ገዢው ለብሩ በግራም ይከፍላል፤ ለታሪኩ ጨምሮ እንዲከፍል የዘመኑን የጥሎሽ ወይም የኑዛዜ ጽሑፍ ማየት ይፈልጋል።