«ፍጻሜ» የቱ ጋ ነው? አንድን ይዘት በሁለት ርዝመት ስለ መፈተን

የኦ አር ኤስ አበጣበጥን የሚያሳይ ቪዲዮ አንዴ በ40፣ አንዴ በ120 ሰከንድ ተቆርጦ ቀረበ እንበል። አጭሩን ከጀመሩት 67 በመቶ፣ ረጅሙን ከጀመሩት 30 በመቶ ጨረሱት። ይህን ያየ ሰው አጭሩ በለጠ ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን በሁለቱም ላይ በየሰከንዱ ከቀሩት ተመልካቾች 1 በመቶ ብቻ ቢወጡ ውጤቱ ይኸው ነው፤ 0.99 በራሱ 40 ጊዜ ሲባዛ 0.67፣ 120 ጊዜ ሲባዛ 0.30 ይሆናል። ሁለቱ ቪዲዮዎች ሰውን የመያዝ ኃይላቸው እኩል ነው። ልዩነቱን ያመጣው ሰዓቱ ብቻ ነው። ስለዚህ «የሁለቱ የፍጻሜ ምጣኔ እኩል ነው» የሚለው መላምት ገና ከመነሻው ለአጭሩ ያደላል።

ትክክለኛው ንጽጽር የሚጀምረው ተመልካቹን በዕጣ ከመመደብ ነው። አጭሩን ሰኞ፣ ረጅሙን ሐሙስ መልቀቅ ቀኑን ከርዝመቱ ጋር ያደባልቃል። አንድ ሰው የደረሰውን ቅጂ ደግሞ ሲከፍትም ያንኑ ማግኘት አለበት። የሁለቱም የመጀመሪያ 10 ሰከንድ በምስልም በድምፅም አንድ ይሁን፤ ይህ ፈተናውን ራሱን ለመፈተን ያገለግላል። በእነዚህ 10 ሰከንዶች የሚወጣው ሰው ብዛት በሁለቱ ወገን ከዕጣ አጋጣሚ ባለፈ ከተለያየ፣ ወይ ምደባው ተበላሽቷል፣ ወይ ተመልካቹ በስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ርዝመት አይቶ ገና ሳይጀምር ወስኗል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያከራክረው ፍጻሜው የት ይሁን የሚለው ነው። በረጅሙ ቅጂ መጨረሻ 8 ሰከንድ ምስጋናና የተቋም ዓርማ ቢኖር፣ ተናጋሪዋ «አመሰግናለሁ» ስትል የወጣ ሰው ትምህርቱን ሙሉ በሙሉ ሰምቶም «አልጨረሰም» ተብሎ ይመዘገባል። እኔ የምመርጠው ሁለቱም ቅጂዎች የሚጋሩትን ዋና ዓረፍተ ነገር መለኪያ ማድረግ ነው፤ እዚህ ላይ «አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ» የሚለውን። ዓረፍተ ነገሩ በአጭሩ 30ኛው፣ በረጅሙ 75ኛው ሰከንድ ላይ ከተነገረ፣ በዚያው የ1 በመቶ ግምት 74 እና 47 በመቶው ይሰሙታል። አሁን የሚለካው የማሳጠር ጥቅም በግልጽ የታወቀ ነገር ሆነ፤ መልእክቱ ቀድሞ መድረሱ።

ረጅሙ ግን በተጨመረው ጊዜ ውስጥ ውኃው ሲለካ፣ ዱቄቱ እስኪሟሟ ሲበጠበጥ ያሳያል። ይህ ለተመልካቹ መጥቀሙን የፍጻሜ ምጣኔ አይነግረንም። በማግስቱ «ስንት ውኃ ጨመሩ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ጥያቄውም ለጨረሱት ብቻ ሳይሆን ዕጣ ለደረሳቸው ሁሉ መቅረብ አለበት። ረጅሙን የሚጨርሱት ብዙ ጊዜ ቤታቸው የታመመ ልጅ ያለባቸው፣ ቀድሞም ለመማር የጓጉ ናቸውና። በሁለቱ ወገን ትክክለኛ መልስ የሰጡት 40 እና 45 በመቶ ይሆናሉ ብለን ከጠበቅን፣ ልዩነቱን በተለመደው የ5 በመቶ የስሕተት ወሰንና የ80 በመቶ የማግኘት ዕድል ለመለየት በእያንዳንዱ ወገን 1,530 ያህል ሰው ይፈለጋል። ቁጥሩም ሳይሞላ በየማለዳው ውጤት እያዩ፣ ልዩነት የታየ ዕለት ፈተናውን መዝጋት አይገባም።