የሜንዴል አተርና የ64 ለ36 ክርክር

እ.ኤ.አ. ከ1856 እስከ 1863 በሞራቪያዋ ብሩን ከተማ፣ በዛሬ ስሟ ብርኖ፣ መነኩሴው ግሬጎር ሜንዴል በገዳሙ የአትክልት ቦታ አተር እየዘራ ባሕርያት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፉበትን ሥርዓት ይመረምር ነበር። ከመረጣቸው ሰባት ባሕርያት አንዱን፣ የአበባ ቀለምን፣ መከተል ብቻውን ሥርዓቱን ያስረዳል።

አተር በገዛ ብናኙ የሚራባ ተክል በመሆኑ፣ ሐምራዊውን ከነጩ ለማዳቀል እንቡጡን ሳይፈካ ከፍቶ፣ ብናኝ የሚሰጡትን የወንዴ ክፍሎች በወረንጦ ነቅሎ፣ ከሌላው ቀለም የመጣውን ብናኝ በሴቴው ጫፍ ላይ መነስነስ ያስፈልጋል። ከዚህ የበቀለው የመጀመሪያ ትውልድ ሁሉም ሐምራዊ ሆነ፤ እነዚሁ ራሳቸውን እንዲያራቡ ሲተዉ ግን ከ929 ልጆቻቸው 705 ሐምራዊ፣ 224 ደግሞ ነጭ አበቡ፤ ይህም ወደ 3 ለ1 የተጠጋ ነው።

ምክንያቱ እያንዳንዱ ተክል ለቀለም ሁለት ቅንጣቶች፣ አንዱን ከአባት ሌላውን ከእናት፣ መያዙ ነው። ሐምራዊውን ቅንጣት «ሐ»፣ ነጩን «ነ» ብንላቸው፣ የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ «ሐነ» ሲሆን፣ «ሐ» ገዢ ስለሆነ «ነ» ተሸፍኖ ይቀራል። «ሐነ» ዘር ሲሰጥ ሁለቱ ቅንጣቶች ተለያይተው እኩል ዕድል ስለሚያገኙ፣ ከአራት ልጆች በአማካይ አንዱ «ሐሐ»፣ ሁለቱ «ሐነ»፣ አንዱ «ነነ» ይሆናሉ፤ ነጭ የሚያብበውም የመጨረሻው ብቻ ነው።

ስለዚህ ከሦስት ሐምራዊዎች ሁለቱ «ነ»ን መደበቅ አለባቸው። ሜንዴል ይህን ለማረጋገጥ የ100 ተክሎችን ዘር፣ ከእያንዳንዱ አሥር አሥር፣ ዘራ፤ የቆጠረው ከአበባው ቀለም ጋር አብሮ የሚወረሰውን የፍሬ ልባስ ቀለም ሲሆን፣ 64ቱ ድብቁን ባሕርይ ሲያወጡ 36ቱ አላወጡም።

እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር በ1936 የተቃወመው ይህን ዓይነቱን ፈተና ነው። ከ«ሐነ» ተክል የሚገኙ አሥር ልጆች ሁሉም ገዢውን ባሕርይ የሚያሳዩበት ዕድል 5.6 በመቶ ስለሆነ፣ ከመቶው አራት ያህሉ በስህተት «ሐሐ» ተብለው መቆጠር፣ ውጤቱም ወደ 63 ለ37 መውረድ ነበረበት፤ የስድስት ተመሳሳይ ፈተናዎች ድምር 399 ለ201፣ ማለትም 2 ለ1 ገደማ፣ መሆኑ ግን ፊሸርን ቁጥሩ ተስተካክሏል ወደሚል ጥርጣሬ መራው። ሆኖም የቀለሙ 64 ለ36 ከፊሸር ስሌት ጋር በአንድ ተክል ብቻ የሚለያይ ሲሆን፣ ሜንዴል በገለባው ቀለም ላይ ያገኘውንና ከግምቱ የራቀውን 60 ለ40 ደብቆ አላለፈም፤ ፈተናውን ደግሞ 65 ለ35 ካገኘ በኋላ ሁለቱንም አሳትሟል፤ ቁጥር የሚያስተካክል ሰው እንዲህ አያደርግም።

በ2010 ተመራማሪዎች የአበባውን ቀለም ቅንጣት፣ ዛሬ ጂን የሚባለውን፣ ለይተው አወቁ፤ በተለመደው ነጭ አተር ውስጥ አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ተለውጣ ሐምራዊ ቀለም የሚያሠራው ጂን ሥራውን አቁሟል፤ «ሐነ» ሐምራዊ የሚያብበውም አንዱ ደህና ቅጂ ስለሚበቃው ነው።