ኢንቮይስ ያልመጣለት ዕዳ

ትርጉም፦ ገዢው ዕቃውን ተረክቦ መጋዘን አስገብቷል ወይም ሥራ ላይ አውሏል፤ የሻጩ ኢንቮይስ ግን ገና አልደረሰም። በዚህ ጊዜ ገዢው የዕቃውን ዋጋ በእጁ ባለው ማስረጃ ገምቶ፣ ክምችቱን ወይም ወጪውን ዴቢት አድርጎ ዕዳውን የሚመዘግብበት ሂሳብ ኢንቮይስ ያልመጣለት ዕዳ ይባላል። የሂሳብ ባለሙያዎች ድርጊቱን «አክሩ ማድረግ» ይሉታል። አንዳንድ ጽሑፎች «ውዝፍ» በሚለው ቃል ይተረጉሙታል። ውዝፍ ግን መክፈያ ቀኑ ያለፈበትን ዕዳ ነው የሚያመለክተው። እዚህ የምናየው ዕዳ መክፈያ ቀኑ አላለፈም፤ የጎደለው የሻጩ ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ሂሳቡን በሚገልጸው ነገር መጥራት ይሻላል። በኮምፒውተር ሲሠራ ይኸው ሂሳብ በSAP ላይ `GR/IR`፣ በERPNext ላይ `Stock Received But Not Billed` ተብሎ ይታያል።

ዕዳው መቼ ይወለዳል?

በመንደር ሱቅ ስኳር በዱቤ የወሰደ ሰው ባለሱቁ ደምሮ እስኪነግረው ድረስ «ዕዳ የለብኝም» አይልም። ዕዳው የመጣው ስኳሩን ሲወስድ ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃም የሚለው ይህንኑ ነው። የደረጃው 37ኛ የሂሳብ መመሪያ በ11ኛው አንቀጽ ሁለት ዓይነት ዕዳዎችን ይለያል። አንደኛው ገዢው ዕቃውን ተረክቦ ኢንቮይስ የመጣለት ወይም ከሻጩ ጋር በይፋ ስምምነት የተደረሰበት ነው፤ ይህ የአቅራቢ ተከፋይ ነው። ሁለተኛው ገዢው ዕቃውን ተረክቦ ኢንቮይሱ ያልመጣለት ነው። በሁለተኛው ላይ መጠኑን ወይም ጊዜውን መገመት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ዕዳ መኖሩ ግን አያጠራጥርም።

በአንጻሩ ታዝዞ ገና ያልደረሰ ዕቃ ዕዳ አያስከትልም። የግዢ ትዕዛዝ ቃል መግባት ነው፤ ለመመዝገብ ርክክብ ያስፈልጋል።

ከዋሂል አንድ ምሳሌ

ዋሂል በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ካሉት የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው። አንድ የግል የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ እዚያ የመማሪያ ክፍሎች እየሠራ ነው እንበል። ሂሳብ ክፍሉ ድሬዳዋ ከተማ ነው፤ ሲሚንቶው የሚራገፈው ግን ዋሂል ሳይት ላይ ነው። ኢንቮይሱ የሚላከው ወደ ቢሮ፣ ዕቃው የሚሄደው ወደ ሳይት ስለሆነ ሁለቱ በአንድ ቀን የሚገናኙበት አጋጣሚ ጥቂት ነው።

ተቋራጩ 400 ከረጢት ሲሚንቶ፣ አንዱን በ600 ብር፣ ተጨማሪ እሴት ታክስን ሳይጨምር አዘዘ። ሰኔ 24 ቀን አንድ ሲኖትራክ ጭነቱን ይዞ ዋሂል ደረሰ። ንብረት ጠባቂው ሲራገፍ ቆሞ ቆጠረ። ስምንት ከረጢት ተቀዶ ስለነበር አልተቀበለም። በንብረት ገቢ ደረሰኙ ላይ «392 ተረክቤአለሁ፤ 8 ተቀዶ ተመልሷል» ብሎ ጻፈና ከሾፌሩ ጋር ተፈራረሙ። እስከ ሰኔ 30 ድረስ ለመሠረት ኮንክሪት 300 ከረጢት ወጣ፤ 92 ቀረ። የበጀት ዓመቱ ተዘጋ፤ ኢንቮይሱ ግን አልመጣም።

ሂሳብ ሠራተኛዋ የምታየው ሁለት ሰነድ ነው፤ ዋጋው ከግዢ ትዕዛዙ፣ ብዛቱ ከገቢ ደረሰኙ። 392 በ600 ሲባዛ 235,200 ብር ይሆናል። ትዕዛዙ ላይ ያለውን 400 ብትወስድ ተቋራጩ ባልተረከበው ሲሚንቶ ላይ የ4,800 ብር ዕዳ ትጭንበት ነበር። ምዝገባዋ እንዲህ ነው፦

- ዴቢት የሲሚንቶ ክምችት 235,200፤ ክሬዲት ኢንቮይስ ያልመጣለት ዕዳ 235,200።
- ከመጋዘን ለወጣው 300 ከረጢት፦ ዴቢት የግንባታ ወጪ 180,000፤ ክሬዲት የሲሚንቶ ክምችት 180,000።

ወጪ የሆነው የዋለው ሲሚንቶ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። 55,200 ብር የሚያወጣው 92 ከረጢት ገና ሀብት ነው። ዕዳው ግን የሙሉው ርክክብ ነው፤ ሻጩ ሲሚንቶው ዋለ አልዋለ ብሎ አይጠይቅምና። ዕቃው እንደ ጽሕፈት መሣሪያ በደረሰበት ዕለት ወዲያው የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ክምችትን ሳያነሱ በቀጥታ ወጪውን ዴቢት ማድረግ ይበቃ ነበር።

በምዝገባው ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ የለም። ገዢው 15 በመቶውን ከመንግሥት የሚያቀናንሰው ሕጋዊ ደረሰኝ ሲይዝ ነው። ደረሰኙ ሳይመጣ በግብዓት ታክስነት ሊይዘው አይችልም። ሊያቀናንሰው የሚችለውን ታክስ ወደ ወጪ ጨምሮ ከገመተ ደግሞ ወጪው ከእውነቱ በላይ ያብጣል።

ባይመዘገብ ምን ይሆን ነበር?

ሂሳብ ክፍሉ «ኢንቮይስ ሲመጣ እንመዘግባለን» ብሎ ቢተወው ዕዳው በ235,200፣ ክምችቱ በ55,200 አንሶ ይታያል፤ ልዩነቱ 180,000 ብር ደግሞ ሐሰተኛ ትርፍ ይሆናል። ድርጅቱ የ30 በመቶ የንግድ ትርፍ ግብር የሚከፍል ኩባንያ ከሆነ በዚያ ዓመት 54,000 ብር ያለአግባብ ይከፍላል። ወጪው በሚቀጥለው ዓመት ይገባል ቢባልም፣ ያኔ መሠረቱ በአንድ ዓመት የተሠራ፣ ሲሚንቶው በሌላ ዓመት የተገዛ ሆኖ ይታያል። የሳይቱን ትርፍና ኪሳራ የሚያነብ ሰው ከዚህ የተሳሳተ ሥዕል ያገኛል።

ኢንቮይሱ ሲመጣ

ሐምሌ 14 ቀን ኢንቮይሱ ደረሰ። ብዛቱ 392 ነው፤ ነጠላ ዋጋው ግን 615 ብር ሆኖ ተጽፏል። ጠቅላላው ታክስ ሳይጨምር 241,080 ብር ይሆናል፤ ከተገመተው 5,880 ብር ይበልጣል። ሂሳብ ሠራተኛዋ ከመመዝገቧ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለባት፦ ይህን 15 ብር ማን ተስማማበት? ማንም ካልተስማማበት ሻጩ ደረሰኙን እንዲያስተካክል ይጠየቃል። በምሳሌያችን የግዢ ክፍሉ ሲሚንቶው ከመጫኑ በፊት ለመጓጓዣ ጭማሪ በጽሑፍ ተስማምቶ ነበር፤ ለሂሳብ ክፍሉ ግን አላሳወቀም።

ስምምነቱ ከሰኔ 30 በፊት የተደረገ ስለሆነ፣ ሪፖርቱ እስካልጸደቀ ድረስ ልዩነቱ የሚታረመው በአሮጌው ዓመት ነው። 4,500 ብሩ የዋለው የ300 ከረጢት ድርሻ ነው፤ ወደ ግንባታ ወጪ ይሄዳል። 1,380 ብሩ የቀረው የ92 ከረጢት ድርሻ ነው፤ በክምችቱ ላይ ይጨመራል። በዚህ እርማት ኢንቮይስ ያልመጣለት ዕዳ 241,080 ይደርሳል። ከዚያ በሐምሌ ምዝገባው ይህ ይሆናል፦

- ዴቢት ኢንቮይስ ያልመጣለት ዕዳ 241,080፤ ዴቢት የግብዓት ተጨማሪ እሴት ታክስ 36,162፤ ክሬዲት የአቅራቢ ተከፋይ 277,242።

ዕዳው ስሙን ቀየረ እንጂ አዲስ ወጪ አልተወለደም። በክፍያ ጊዜ የሚቀነሰው ቅድመ ግብርም ከዚህ በኋላ ከአቅራቢ ተከፋዩ ላይ የሚሠራ ነው፤ በግምቱ ምዝገባ ውስጥ ቦታ የለውም።

የሚበላሽበት ቦታ

በብዛት የሚታየው ስህተት ድርብ ምዝገባ ነው። ኢንቮይሱን የያዘው ሌላ ሠራተኛ ሰኔ ላይ የተሠራውን ሳያውቅ «ሲሚንቶ ገዛን» ብሎ እንደ አዲስ ክምችት ያስገባዋል። ያን ጊዜ አንዱ ጭነት ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ ኢንቮይስ ያልመጣለት ዕዳም ሳይነካ ይቀመጣል። ምልክቱን ማየት አይከብድም፤ በሂሳቡ ላይ ያረጀ ሚዛን ይቀራል፣ ሲሚንቶውን መጋዘን ሄደው ሲቆጥሩትም ከመዝገቡ ያንሳል።

ይህን ለመከላከል አንዳንዶች የሰኔውን ምዝገባ ሐምሌ 1 ቀን ገልብጠው ኢንቮይሱን ሲመጣ ሙሉውን ይመዘግባሉ። ለጽሕፈት መሣሪያ ዓይነቱ ወዲያው ለሚያልቅ ወጪ ይህ ይሠራል። ለክምችት ግን አይመችም፤ መጋዘን ውስጥ በእርግጥ ያለውን ሲሚንቶ ለሁለት ሳምንት ከመዝገብ ያጠፋል። ለክምችት የሚሻለው እያንዳንዱን ዕዳ በገቢ ደረሰኙ ቁጥር መዝግቦ፣ ኢንቮይሱ ሲመጣ በዚያው ቁጥር መዝጋት ነው።

ሁለተኛው ችግር ከመዝገቡ ውጪ ያለ ነው። የገቢ ደረሰኙ ቅጂ ዋሂል በንብረት ጠባቂው ፋይል ውስጥ ቢቀር ከተማ ያለው ሂሳብ ክፍል ዕዳውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ሰኔ 30 ላይ ከሳይቱ የሚፈለገው መረጃ የመጨረሻው የገቢ ደረሰኝ ቁጥር ነው። ከእሱ በፊት ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ከአሮጌው ዓመት ጋር ተቆጥረው፣ እያንዳንዱ ኢንቮይስ አለው ወይስ የለውም ተብሎ ይጣራል። ከእሱ በኋላ ያለው የአዲሱ ዓመት ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት

ይኸው ሲሚንቶ የተገዛው በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ቢሆን መንገዱ ይለያል። የመንግሥት ሂሳብ የሚያዘው በተሻሻለው የጥሬ ገንዘብ መሠረት ስለሆነ ወጪ በመሠረቱ የሚመዘገበው ሲከፈል ነው። ሆኖም እስከ ሰኔ 30 በሞዴል 19 ገቢ ለሆነ ዕቃ የ30 ቀን የችሮታ ጊዜ አለ። ወጪው በአሮጌው በጀት ተይዞ «የችሮታ ጊዜ ተከፋይ» በሚል ሂሳብ ይቀመጣል፣ በሐምሌም ይከፈላል። ስለዚህ በመንግሥት ቤት የመጨረሻው ሳምንት ሞዴል 19 ትክክለኛ ቀን መያዙ ወጪው በየትኛው በጀት እንደሚያዝ ይወስናል። በተቋራጩ ዘንድ ግን ዕዳው በ30 ቀን አይገደብም፤ ኢንቮይሱ እስኪመጣና እስኪዘጋ ይቆያል።

ወሰኑ

ይህ ምዝገባ ያለ ደረሰኝ ለመገበያየት ፈቃድ አይደለም። ሻጩ ደረሰኝ የመቁረጥ ግዴታ አለበት፣ ግብር ሰብሳቢውም ለወጪ ማስረጃ ይጠይቃል። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ዓመታዊ ሂሳቡን እስከ ጥቅምት 30 ስለሚያቀርብ ኢንቮይሱን ለማምጣት አራት ወር አለው። ወረቀቱ ሲመጣ ቀኑ ሐምሌ ስለሚሆን፣ ወጪው ለምን በሰኔ እንደተያዘ የሚያስረዱት የግዢ ትዕዛዙና ንብረት ጠባቂው ዋሂል ላይ የፈረመበት የገቢ ደረሰኝ ናቸው፤ ሦስቱ ሰነዶች በአንድ ፋይል ይታሰሩ። መስከረም አልፎም ኢንቮይስ ያልመጣለት ዕዳ በዝርዝሩ ላይ ካለ፣ ሂሳብ ክፍሉ ሻጩን በደብዳቤ መጠየቅ አለበት፤ ዕቃው በእርግጥ መድረሱንም እንደገና ማጣራት ይኖርበታል።